አስቸኳይ፦ የማይቶሲስ ቅደም ተከተል እርማት፣ ዜሮ ልስጣት?

ጠያቂዋ፦ እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ፣ ውጤት ነገ ጠዋት አስረክባለሁ። አምስት ስዕል አለ፣ በቅደም ተከተል አስቀምጡ ይላል። መልሱ ለ፣ ሠ፣ ሀ፣ መ፣ ሐ ነው። አንዷ ልጅ ሠ፣ ሀ፣ መ፣ ሐ፣ ለ ብላለች። ቦታ በቦታ ሳየው አንዱም አይገጥምም። ደግሞ አናፌዙ ላይ ቀስቱ የሚያሳየውን ግማሹ ክፍል ክሮማቲድ ብሏል፣ የመልስ ወረቀቱ ግን ክሮሞሶም ነው የሚለው።

አንጋፋው፦ እህቴ፣ መልስ ወረቀት የሚዘጋጀው እኮ ለዚህ ነው። ለአንዷ ካላላሽ ነገ ሁሉም ይመጣብሻል። ተማሪ መመሪያ ማንበብ ይልመድ። ዜሮ።

ማይክሮስኮፕ፦ ቆይ፣ ለ የትኛው ስዕል ነው?

ጠያቂዋ፦ ኢንተርፌዝ። ኒውክለሱ ሙሉ ነው፣ ክሮሞሶም አይለይበትም።

ማይክሮስኮፕ፦ እንግዲያው ልጅቷ ከፕሮፌዝ እስከ ቴሎፌዝ አንድም አልሳተችም። ከቴሎፌዝ በኋላ የተወለዱት ሴሎች ወደ ኢንተርፌዝ ነው የሚገቡት፣ ስለዚህ መጨረሻ ላይ ማድረጓም ልክ ነው። ጥያቄው «ከኢንተርፌዝ ጀምራችሁ» ካላለ ሙሉ ስጫት። ካለ ደግሞ ቦታውን ትተሽ ማን ከማን ቀጥሎ እንደመጣ ቁጠሪ። አራት ጥንድ አለ፣ ሦስቱን አግኝታለች።

ኖራ፦ አዎ ጥንድ ቁጠሪ፣ እኔም ሁሌ እንደዛ ነው የማርመው።

ዘጠኝ ሰዓት፦ የኔ ተማሪ ግን ሜታፌዝና አናፌዝን ብቻ አቀያየረ። በአንቺ ፊደል ለ፣ ሠ፣ መ፣ ሀ፣ ሐ ማለት ነው። ቦታ በቦታ ከአምስት ሦስት ያገኛል፣ በጥንድ ግን ከአራት አንድ። ይሄ ፍትሕ ነው?

ማይክሮስኮፕ፦ አይደለም፣ የዘዴው ቀዳዳ እዚህ ጋ ነው። በሁለቱም አርሚና የሚሻለውን ያዢ፣ ግን ለክፍሉ በሙሉ።

አንጋፋው፦ ታዲያ የገመተውም ሁለት ዕድል አገኘ ማለት ነው። አልስማማም።

ኖራ፦ ቀስቱን በተመለከተ ክሮማቲድ ልክ ነው። ነጠላ ዘንግ አይደል እንዴ?

ማይክሮስኮፕ፦ ሜታፌዝ ላይ ቢሆን እሺ። አናፌዝ ላይ ግን ሴንትሮሚሩ ተከፍሏል፣ ከዚያ ወዲያ እያንዳንዱ ራሱን የቻለ ክሮሞሶም ተብሎ ይቆጠራል። ሜታፌዝ ላይ 4 የነበረው ሴል አናፌዝ ላይ 8 የሚሆነው ለዚህ ነው። አሁን ስዕሉን ጠጋ ብለሽ እይው። ዘንጎቹ እንደ V ታጥፈው፣ የእጥፋታቸው ሹል ወደ ዋልታ ዞሮ፣ በመሃል ክፍተት ካለ ክሮሞሶም ነው። ገና ተጣብቀው ከተሳሉ ወይም ቀስቱ ሁለቱንም ከነካ ግን ሁለቱንም ቃል ተቀበይ፣ ጥፋቱ የስዕሉ ነው።

ጠያቂዋ፦ ክፍተት አለ፣ ግን ፎቶ ኮፒው ደብዝዟል። ቀስቱ የቱ ጋ እንደሚያልቅ እኔም በደንብ አይታየኝም።

ማይክሮስኮፕ፦ እንግዲያው ሁለቱንም ተቀበይ።

ብርሃኔ፦ እኔ ጋ ደግሞ አንዱ «ሴንትሮ» ብሎ ብቻ ጽፏል። ሴንትሮሚር ይሁን ሴንትሮሶም አላወቅኩም። ቀስቱ ክሮሞሶሙ ወገብ ላይ ነው ያለው። ምን ላድርግ?