ማስታወቂያው የበዛ ሙያ እያደገ ነው ማለት ነው?

ሰላማዊት፦ ታናሽ ወንድሜ 12ኛ ክፍል ጨርሷል። አካውንቲንግ ልማር ወይስ የኤሌክትሪክ መኪና ጥገና እያለ ግራ ገብቶታል። ቴሌግራም ላይ የአካውንታንት ማስታወቂያ በየቀኑ አያለሁ። የኤሌክትሪክ መኪና ጠጋኝ የሚፈልግ ግን አልፎ አልፎ ነው። የትኛው ነው እያደገ ያለው? በምን ይታወቃል?

የጋራዥ ልጅ፦ ይሄማ ምን ይጠየቃል? መኪናው ነው! በ2016 ዓ.ም. መንግሥት የነዳጅ የቤት መኪና እንዳይገባ ከልክሏል። የሚገባው ኤሌክትሪክ ነው። መኪና ካለ ሥራ አለ፣ አለቀ።

ደረጀ (የሰው ኃይል)፦ ማስታወቂያ ማውጣት ሥራዬ ስለሆነ ከውስጥ በኩል ልንገርሽ። መጀመሪያ አንዱን ማስታወቂያ ብዙ ቻናሎች እየገለበጡ ይለጥፉታል። ስለዚህ ማስታወቂያውን ሳይሆን ቀጣሪውን ቁጠሪ። ቀጥሎ ያው ድርጅት ያንኑ መደብ በየጥቂት ወሩ የሚያወጣ ከሆነ ብዙ ጊዜ ሰው እየለቀቀበት ነው እንጂ እየሰፋ አይደለም። አዲስ ቅርንጫፍ፣ አዲስ ከተማ፣ ቀድሞ ያልነበረ የመደብ ስም ካየሽ ያ ሌላ ነገር ነው።

እኔ ከሁሉ በላይ የማምነው የልምድ መስፈርቱን ነው። ቀጣሪ ሰው ሲያጣ ደመወዝ ከመጨመሩ በፊት መስፈርት ያላላል። “4 ዓመት” ይል የነበረው “2 ዓመት” ይላል፣ ቀጥሎ “0 ዓመት፣ እናሠለጥናለን” ይመጣል። አካውንታንት ላይ የማየው ግን ተቃራኒውን ነው። ለጀማሪ መደብ ልምድ ይጠየቃል፣ አመልካቹም ክምር ነው። ሥራው ሳይኖር ቀርቶ አይደለም፣ ተመራቂው በዝቶ ነው።

ሰላማዊት፦ ደመወዙንስ እንዴት ላንብበው? አብዛኛው “በስምምነት” ወይም “በድርጅቱ ስኬል” ነው የሚለው።

ደረጀ (የሰው ኃይል)፦ “በስምምነት” ብቻውን ምንም አይነግርሽም። ሥራውን የያዙ ሁለት ሦስት ሰዎች ጠይቂ። ቁጥሩን ካገኘሽ በኋላ ደግሞ ከኑሮ ውድነቱ ጋር አስተያይው። ለምሳሌ አንድ መደብ አምና 12,000 ብር ነበር፣ ዘንድሮ 15,000 ሆነ እንበል። 25 በመቶ ጨመረ። ግን ዋጋ በ20 በመቶ ከናረ አምና በ12,000 የሚገዛው ዘንድሮ 14,400 ይፈልጋል። እውነተኛው ጭማሪ 600 ብር ብቻ ነው። ብር ሐምሌ 2016 ላይ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ሁሉም ደመወዝ ከፍ ያለ ይመስላል። ስለዚህ አንዱን ሙያ ከራሱ ያለፈ ዓመት ብቻ ሳይሆን ከሌሎች ሙያዎች ጭማሪም ጋር አወዳድሪው።

ከድር፦ ወንድሞች፣ ዱባይ ለመካኒክ ስንት እንደሚከፍሉ የሚያውቅ አለ? እኔም የመሄድ ሐሳብ አለኝ።

የጋራዥ ልጅ፦ ከድሬ፣ ጥያቄው ሌላ ነው፤ በውስጥ አውራኝ።

ትዕግስት (ሜሪላንድ)፦ እዚህ የአሜሪካ የሠራተኛ ስታትስቲክስ ቢሮ የአሥር ዓመት ትንበያ ያወጣል። ብዙ አዲስ ሥራ ይጨምራሉ ከተባሉት ግንባር ቀደሙ አረጋውያንን በቤታቸው መንከባከብ ነው። እዚህ ያለን ብዙ ሐበሾች የምንሠራው ነው፣ ክፍያው ግን ዝቅተኛ ነው። በመቶኛ ሲታይ ደግሞ የነፋስ ተርባይን ጠጋኞች ከፊት ናቸው፣ ነገር ግን መነሻቸው ትንሽ ስለሆነ የሚጨመረው ጥቂት ሺህ ሰው ነው። ማደግ ሌላ፣ መክፈል ሌላ።

ደረጀ (የሰው ኃይል)፦ ትዕግስት ያለችው መኪናውንም ይነካል። ጋራዥ ልጅ፣ ግማሹ ልክ ነህ። መንገድ ላይ ያለው አብዛኛው መኪና ግን ዛሬም የነዳጅ ነው። ኤሌክትሪኩ ደግሞ የሞተር ዘይት የለው፣ ካንዴላ የለው። በመኪና ቁጥር ልክ ጠጋኝ አይፈልግም። ዕድገቱ የመጣውም በመንግሥት ውሳኔ ነው፤ ውሳኔ ከተቀየረ አብሮ ይቀየራል።

ሰላማዊት፣ ማስታወቂያው ጥቂት መሆኑ ግን አያታልልሽ። ጋራዥ ሰው የሚቀጥረው በትውውቅ ነው፣ ቴሌግራም ላይ አይወጣም። እዚያ ምልክቱ ሌላ ነው፦ ባለመኪናው ስንት ቀን ወረፋ ይጠብቃል? ጋራዡ የባትሪ ሥራ ይቀበላል ወይስ ወደ አስመጪው ይመልሳል?

የጋራዥ ልጅ፦ እውነት ለመናገር ባትሪ ከመጣ እንመልሳለን። መመርመሪያው ኮምፒውተር የለንም፣ ያንን ከፍተኛ ቮልቴጅ ለመንካትም የሠለጠነ ሰው የለም። ጎማ፣ ፍሬን፣ የእግር ሥራ ግን እንሠራለን።

ሰላማዊት፦ የሚመለሰው ሥራ ብዙ ነው? ማለቴ በሳምንት ስንት ይሆናል?

የጋራዥ ልጅ፦ ቆጥሬ አላውቅም። ከዚህ ሳምንት ጀምሬ ልጻፈውና እነግርሻለሁ።

ደረጀ (የሰው ኃይል)፦ የሌሎችም ጋራዦች ቢጨመር ጥሩ ነው፣ የአንዱ ብቻ አይበቃም። የሚያሠለጥነውን ተቋምም ባለፈው ዙር የጨረሱት አሁን የት እንደሚሠሩ ጠይቂው። ስልካቸውን ካልሰጡሽ እኔ በበኩሌ ገንዘቤን አልከፍልም።