የሜሪላንድን ፍርድ አዲስ አበባ ለማስፈጸም ምን ዓይነት ግልባጭ ልጠይቅ?

ሄለን፦ ሰላም ለሁላችሁ። ሜሪላንድ ውስጥ ከባለቤቴ ጋር ተፋትተናል። ፍርድ ቤቱ ከጋራ ንብረታችን ድርሻዬን በገንዘብ እንዲከፍለኝ ወስኗል። እሱ ግን ሳይከፍል አዲስ አበባ ገባ፤ እዚያ ሱቅ አለው። ጠበቃዬ በኢሜይል የላከልኝን ውሳኔ አትሜ ብልከው ይሠራል?

ብሩክ፦ ማህተም ከሌለው አይሠራም። ዋሽንግተን ኤምባሲያችን ወስደሽ አስመቺው፣ በቃ። እኔ ውክልናዬን እንደዛ ነው የጨረስኩት።

ጋሽ መኮንን፦ ብሩክ፣ ማህተሙ ላይ ልክ ነህ። ኤምባሲው ግን የመጨረሻው በር ነው። ሄለን ልጄ፣ መጀመሪያ ውሳኔውን የሰጠው ሰርኪዩት ኮርት ክለርክ ጋ ሂጂ። የመዝገብ ቁጥሩን፣ የውሳኔውን ቀንና የሁለታችሁን ስም ጽፈሽ የተረጋገጠ ግልባጭ ጠይቂ። ቀጥሎ የሜሪላንድ ስቴት ሴክሬታሪ ቢሮ፣ ከዚያ ስቴት ዲፓርትመንት፣ ከዚያ ኤምባሲው ያረጋግጡታል። አዲስ አበባ ሲደርስ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር አለ፤ ወደ አማርኛም ይተረጎማል። አደራ፣ ኮፒ ለማንሳት ብለሽ ክለርኩ ያያያዘበትን ስቴፕለር እንዳትነቅዪው! ገጹ ተቀይሯል ተብሎ ሊመለስብሽ ይችላል።

ትዕግስት፦ እኔም ልክ እንዳንቺ ነበርኩ። ፍርዱ አዲስ አበባ፣ ሰውየው አዳማ። ፍርድ ቤቱ ራሱ ለአዳማው ፍርድ ቤት ጻፈልኝ። አንቺም እንዲጽፉልሽ ጠይቂያቸው።

ጋሽ መኮንን፦ ትዕግስት፣ ያንቺ አገር ውስጥ ስለሆነ ነው። የውጭ አገር ፍርድ የሚቀርበው በባለጉዳዩ ማመልከቻ ለፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ነው። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ በቁጥር 457 ከግልባጩ ጋር ሌላም ወረቀት ይጠይቃል፦ ፍርዱ የመጨረሻና ሊፈጸም የሚችል መሆኑን የሚገልጽ፣ የፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት ወይም ሬጅስትራር የፈረመበት ምስክር ወረቀት። ብዙ ሰው ግልባጩን ብቻ ይዞ ይመጣና እዚህ ላይ ይቆማል።

ሄለን፦ ክለርኳን በስልክ ጠየቅኳት። «እንደዛ የሚባል ፎርም የለንም» አለችኝ።

ጋሽ መኮንን፦ ፎርም አትጠይቂ፣ ደብዳቤ ጠይቂ። ሜሪላንድ ውስጥ የይግባኝ ጊዜው 30 ቀን ነው። እሱ ካለፈ በኋላ የመዝገቡን ዝርዝር በማህተም አረጋግጠው ይስጡሽ፤ ይግባኝ እንዳልተጠየቀ ከዚያ ይታያል። ክለርኳ «ይግባኝ አልቀረበም፣ ፍርዱ ጸንቷል» ብላ ከፈረመችልሽ ደግሞ ይበልጥ ጥሩ። ባልሽ መጥሪያ የደረሰበትንም ገጽ አብረሽ አስወጪ። መከላከያ የማቅረብ ዕድል አግኝቶ እንደነበር ይመረመራል።

ሳምሶን፦ ወረቀቱ ቢሟላም ሌላ ጉዳይ አለ። ቁጥር 458 የኢትዮጵያ ፍርድም እዚያ አገር መፈጸም አለበት ይላል። ከአሜሪካ ጋር የፍርድ ማስፈጸም ስምምነት የለንም።

ጋሽ መኮንን፦ ትልቁ ክርክር እሱ ነው። ሜሪላንድ የውጭ አገር የገንዘብ ፍርድን የምትቀበልበት ሕግ አላት። የአዲስ አበባ ጠበቃሽ ያንን አስተርጉሞ ያያይዘው። ሕጉ የቀለብ ፍርድን አይጨምርም፤ ያንቺ ግን የንብረት ድርሻ ነው።

ሳምሶን፦ ሕጉ መኖሩ ብቻ ይበቃል? ችሎቱ ስምምነት አምጡ ቢልስ?

ሄለን፦ ጋሽ መኮንን፣ እግዜር ይስጥልኝ። ሰኞ ክለርኳ ጋ እሄዳለሁ። ሳምሶን ያነሳውን ችሎት ላይ የገጠመው ሰው ካለ እባካችሁ ይጻፍልኝ።