የኤችፒቪ ክትባት ያመክናል? ለወንድስ ያስፈልጋል?

ሰላማዊት፦ የ11 ዓመት ሴት ልጅና የ15 ዓመት ወንድ ልጅ አሉኝ። ለልጅቷ የማህፀን በር ካንሰርን ለሚከላከለው የኤችፒቪ ክትባት ልፈርም ስል እህቴ «መካን ያደርጋታል» አለችኝ። ደግሞ ገና ልጅ ናት፣ ለምን አሁን? ስንት ጊዜስ ነው የሚወጉት? ለወንዱስ?

ጌታሁን፦ እኔ አላስወጋም። 18 ሲሞላት ራሷ ትወስን። እስከዚያ ምን ይቀርባታል?

ብርቱካን፦ እኔ በ26 ዓመቴ ተከትቤ በዓመቱ ስመረመር የማህፀኔ በር ላይ ቅድመ ካንሰር ተገኘ። ታዲያ ምኑን ተከላከለልኝ?

ሲስተር ሕይወት፦ ብርቱዬ፣ ካንሰሩን የሚያመጣው ኤችፒቪ የሚባለው ቫይረስ ቀድሞ ገብቶ ይሆናል። ክትባቱ የገባውን አያስወጣም፣ እንዳይገባ ነው የሚከላከለው። ጌታሁን፣ የሚቀርባት ይኸው ነው። ቫይረሱ በግብረ ሥጋ ግንኙነት ስለሚተላለፍ ከዚያ በፊት መወጋት አለባት። ከ9 እስከ 14 ዓመት ባሉ ልጆች ላይ ደግሞ ሰውነት ለክትባቱ የሚሰጠው ምላሽ ከትልልቆቹ ይበልጣል።

ጌታሁን፦ እሺ፣ መካንነቱስ?

ሲስተር ሕይወት፦ ክትባቱ ውስጥ ከቫይረሱ ያለው የላይኛው ሽፋኑ ፕሮቲን ብቻ ነው። ዘረመል ስለሌለው አይራባም፣ በሽታም አያመጣም። ወሬው የተነሳው ከክትባት በኋላ የወር አበባቸው ያለጊዜው የቆመ ጥቂት ልጆች ሪፖርት ስለተደረጉ ነው። ይህ ግን ባልተከተቡትም ይከሰታል፤ ስለዚህ ሁለቱን ማወዳደር ያስፈልጋል። ዴንማርክ ውስጥ ወደ አንድ ሚሊዮን በሚጠጉ ሴቶች መረጃ ተወዳድሮ ልዩነት አልተገኘም። ለመውለድ የሚያሰጋው በሽታው ነው። ቅድመ ካንሰሩን ለማውጣት የማህፀን በር በጥልቀት ከተቆረጠ፣ በኋላ ያለጊዜው የመውለድ ዕድል ይጨምራል። ካንሰሩ ከገፋ ማህፀን ይወጣል፣ ወይም ጨረሩ እንቁላል የሚያመርተውን ክፍል ይጎዳል።

አቤል፦ ስለ ዶዙ እኔ ልመልስ። አሁን አንድ በቂ ነው፣ ለሁሉም።

ሲስተር ሕይወት፦ ለሁሉም አይደለም አቤል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 ከ9 እስከ 20 ዓመት ላሉት አንድም ሁለትም መስጠት ይቻላል አለ። ከ21 ዓመት ጀምሮ ሁለት ነው፣ በስድስት ወር ልዩነት። ኤችአይቪ በደሟ ያለባት ልጅ ግን ቢያንስ ሁለት፣ ከተቻለ ሦስት ያስፈልጋታል። በአንድ ብቻ እንዳትቀር።

ጌታሁን፦ ወንድ ማህፀን የለው፣ ምን ያደርግለታል?

ሲስተር ሕይወት፦ ቫይረሱ ወንድ ላይ የጉሮሮ፣ የፊንጢጣና የብልት ካንሰር ያመጣል፣ የብልት ኪንታሮትም እንዲሁ። ግን ክትባቱ ካነሰ እኔ ለሴቶቹ ይቅደም ባይ ነኝ። አብዛኞቹ ሴቶች ከተከተቡ ወንዶቹም በተዘዋዋሪ ይጠበቃሉ።

አቤል፦ እዚህ ላይ አልስማማም። ብዙ ሴቶች ያልተከተቡበት ቦታ ያ ጥበቃ ከየት ይመጣል? አውስትራሊያ እኮ ከ2013 ጀምሮ ወንዶቹንም ትከትባለች።

ሲስተር ሕይወት፦ እሱስ እውነትህን ነው። ግን አንድ ብልቃጥ ብቻ ቢኖርህ ለማን ትሰጣለህ?

ሰላማዊት፦ ለልጅቷ እፈርማለሁ። መርፌ ስታይ ራሷን ትስታለች፣ ምን ላድርግ?

ሲስተር ሕይወት፦ ቁርስ በልታ ትምጣ። ተቀምጣ ትወጋ፣ ከዚያም 15 ደቂቃ ሳትነሳ ትቆይ። ብትከተብም ስታድግ የማህፀን በር ምርመራው አይቀርላትም፤ ክትባቱ ሁሉንም የቫይረሱን ዓይነት አይሸፍንም።