ቸኩያለሁ! የዎርክሾፓችን ፍሎውቻርት ላይ የተንጋደደው ፍሬም በየት ይሂድ?

ተለማማጇ፦ ሰላም ለሁላችሁ። እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ፣ ነገ ጠዋት ማስረከብ አለብኝ። አለቃዬ የብረት በር ፍሬም አሠራራችንን በፍሎውቻርት ሥዪው፣ ግድግዳ ላይ እንለጥፈዋለን አለኝ። ሣልኩና አሳየሁት። አይቶ "የተንጋደደው ፍሬም በየት ነው የሚሄደው?" ብሎ መለሰልኝ። የሣልኩት ይኼ ነው፦

```
መለካት → መቁረጥ → መግጠም → መበየድ → ጥሩ ነው?
   አዎ → በግራይንደር ማጥራት → ቀለም → ማስረከብ
   አይ → ማስተካከል → ቀለም → ማስረከብ
```

ምኑ ነው የጎደለው?

ሥርዓት ወዳዱ፦ መጀመሪያ ቅርጾቹን አስተካክዪ። መነሻና መድረሻው ኦቫል፣ ሥራው አራት ማዕዘን፣ ጥያቄው ዳይመንድ ነው። ይኼ የዛሬ ነገር አይደለም። ፍራንክና ሊሊያን ጊልብሬዝ የሥራ ሂደትን በምልክት እያሳዩ ያቀረቡት እ.ኤ.አ. በ1921 ነው። የነሱ ምልክቶች አሁን ከምንጠቀምባቸው ይለያሉ፣ ሐሳቡ ግን ያው ነው።

ጋሽ ብረቱ፦ ልጄ፣ ብየዳ በእጅ ነው የሚለመደው። ወረቀት ላይ ያለ ቀስት ፍሬም አያቃናም። ለምን ጊዜሽን ታጠፊያለሽ?

ተለማማጇ፦ ጋሼ፣ አዲስ ልጅ በገባ ቁጥር አለቃዬ ከሀ ጀምሮ ያስረዳል። ለዚያ ነው የፈለገው።

መንገደኛው፦ እኛ ዎርክሾፕ የብየዳ ማሽኑን ወደ በሩ ስናስጠጋው ሥራው ቀለለልን። አንቺም የማሽኖቹን ቦታ ብትቀይሪው?

ሥርዓት ወዳዱ፦ ወንድሜ፣ የጠየቀችው የሥራውን ቅደም ተከተል ነው፣ የዕቃ አቀማመጥ አይደለም።

ቀለሟ፦ በጣም ቀላል ነው። "አይ" ከሆነ ሁልጊዜ ወደ መለካት መልሺው። አለቀ።

የፍሬም ሰው፦ ቀለሟ፣ መመለሱ ልክ ነው፣ ሁልጊዜ ወደ መለካት ግን አይደለም። እህቴ፣ አንድ ነገር ንገሪኝ። ሙሉ በሙሉ ከመበየዳችሁ በፊት ማዕዘኖቹን ነጥብ ነጥብ አድርጋችሁ ትይዛላችሁ?

ተለማማጇ፦ አዎ፣ ሁልጊዜ። እሱ ግልጽ ነው ብዬ አልጻፍኩትም።

የፍሬም ሰው፦ የጎደለው እሱ ነው። ዳይመንዱ መቆም ያለበት እዚያ ነው፣ ነጥቡ ተይዞ ሙሉ ብየዳው ሳይጀመር። ነጥብ ብየዳ በግራይንደር ወዲያው ይላቀቃል። ሙሉ ከተበየደ በኋላ ግን መቁረጥ ነው፣ ብረቱም ይጎዳል።

ቀጥሎ "ጥሩ ነው?" የሚለውን አውጪው። አንቺ ጥሩ ያልሽውን ሌላው ጠማማ ሊለው ይችላል። በሜትር የሚመለስ ጥያቄ አድርጊው፦ ከጥግ እስከ ጥግ በሰያፍ ሁለቱንም ለኪ፣ ልዩነቱ ከ2 ሚሜ አይበልጥም? ቁጥሩን አለቃሽ ይወስን። ለምሳሌ ፍሬሙ 2 ሜትር በ90 ሴንቲ ቢሆን ሁለቱም ሰያፍ 219.3 ሴንቲ ገደማ መምጣት አለባቸው። ላዩ በ1 ሴንቲ ብቻ ወደ ጎን ከተገፋ የሁለቱ ልዩነት 8 ሚሜ ያህል ይደርሳል። በዓይን አይታይሽም፣ ሜትር ግን ያወጣዋል።

"አይ" ሲመጣ ሌላ ዳይመንድ አስገቢ፦ ትይዩ ጎኖቹ እኩል ናቸው? እኩል ከሆኑ አቆራረጡ ደህና ነው፣ ሲያያዝ ነው የተገፋው። ነጥቡን አላቂና ገፍተሽ አቅኚው። እኩል ካልሆኑ ጥፋቱ ከመቁረጥ ነው፣ ያን ጊዜ ቀለሟ እንዳለችው ወደ መለካት ትመለሻለሽ። ከሁለቱም በኋላ ቀስቱ ወደ ሰያፍ ልኬቱ ይመለስ። ያንቺ ቀስት ተስተካክሎ በቀጥታ ወደ ቀለም ይሄዳል፣ ማንም ዳግም አልለካውም። አለቃሽን ያቆመው እሱ ይመስለኛል።

ጋሽ ብረቱ፦ ይኼ እንኳ ልክ ነው። እኔ በስኳድራ ነው የማየው።

የፍሬም ሰው፦ ጋሼ፣ ስኳድራ ጥጉን በቅርብ ያሳያል። ረጅም ፍሬም ላይ ትንሽ ልዩነት ያመልጠዋል፣ ሰያፉ ግን ሙሉ ፍሬሙን ይይዛል።

ቀለሟ፦ እኔ አሁንም ወደ መለካት መልሺው ነው የምለው። ቀስት ሲበዛ አዲስ ልጅ ግራ ይገባዋል።

ተለማማጇ፦ እንዲህ አድርጌ ሣልኩት፦

```
መለካት → መቁረጥ → በነጥብ ማያያዝ → [የሰያፍ ልዩነት ≤ 2 ሚሜ?]
  አዎ → ሙሉ ብየዳ → ማጥራት → ቀለም → ማስረከብ
  አይ → [ትይዩ ጎኖች እኩል ናቸው?]
      አዎ → ነጥቡን ማላቀቅ፣ ማቅናት → ወደ ሰያፉ
      አይ → ወደ መለካት
```

ማታ ለአለቃዬ በስልክ ላኩለት። "የቅድሙ ጥያቄዬ ተመለሰ" አለኝ። ደግሞ ሌላ ጨመረብኝ፦ ሙሉ ብየዳው ሲሞቅ ፍሬሙን ቢጎትተውስ?

የፍሬም ሰው፦ ይጎትታል። እኔ ብየዳውን ጥግ በጥግ እያቀያየርኩ አስኬደዋለሁ፣ ሲቀዘቅዝ ሰያፉን ደግሜ እለካለሁ። ስለዚህ ከሙሉ ብየዳ በኋላም አንድ ዳይመንድ ያስፈልግሻል። እዚያ "አይ" ቢመጣ ግን ወደ ነጥቡ መመለስ አይቻልም። ተገፍቶ ይቃና ወይስ ተቆርጦ ይጣል የሚለው በብረቱ ውፍረት ይወሰናል። የእናንተ ስንት ሚሊ ነው?

ጋሽ ብረቱ፦ ልጄ፣ ውፍረቱን ጻፊና እኔም ልንገርሽ።