«ወርቅ ገዛሁ ብሎ ብር አተመ»

ሳሪስ27፦ ብሔራዊ ባንክ ከባህላዊ አምራቾች ወርቅ በብር ይገዛል። ብሩን ከየት አመጣው? አተመው! ከዚያ ስለ ዋጋ ንረት ያስተምሩናል።

ጡረተኛው፦ «አተመው» የምትለዋ ላይ ልቁም። አንድ አቅራቢ የ100 ሚሊዮን ብር ወርቅ አስረከበ እንበል። ማንም በጆንያ ብር አይጭንለትም። ብሔራዊ ባንክ በሂሳብ መዝገቡ በሀብት ጎን ወርቅ 100 ሚሊዮን ይጽፋል። በዕዳ ጎኑ ደግሞ የአቅራቢው ባንክ እሱ ዘንድ ባለው ሂሳብ ላይ፣ መጠባበቂያ በሚሉት፣ 100 ሚሊዮን ይጨምራል። ያ ባንክ በተራው ለደንበኛው ያስገባል። አንዲት ኖት አልታተመችም።

ሳሪስ27፦ ጋሼ፣ በኪቦርድ አተሙት ማለት ነዋ። ማሽኑ ተቀየረ እንጂ ምን ተለወጠ?

ጡረተኛው፦ ብሩ አዲስ ነው፣ አልክድም። ግን ትይዩው ወርቅ አለ።

ሜሪላንድ፦ ቆይ፣ የባንኮች መጠባበቂያ ከጨመረ ዶላር አለ ማለት ነው። ታዲያ እህቴ ለልጇ ትምህርት ስትጠይቅ ለምን የለም ተባለች?

ጡረተኛው፦ ስሙ አሳሳተህ ወንድሜ። የውጭ ምንዛሪ መጠባበቂያ ሌላ፣ የባንኮች መጠባበቂያ ሌላ። የመጀመሪያው ዶላር ነው፣ ለብሔራዊ ባንክ ሀብት። ሁለተኛው ብር ነው፣ ለብሔራዊ ባንክ ዕዳ፣ ለባንኮቹ ሀብት። ሁለቱ የተለያየ ጎን ላይ ነው የሚጻፉት።

ሜሪላንድ፦ እህቴ ግን እስካሁን ወረፋ ላይ ናት።

ሕይወት፦ እኔ ቅርንጫፍ ነው የምሠራው። ብሔራዊ ባንክ ዕዳ ውስጥ የሚገባው ሰው ካሽ ሲያወጣ ነው። በመስከረም 2013 የኖት ቅያሪ ጊዜ አዲሱን 200 ብር በካርቶን ስንቀበል ያ ሁሉ ዕዳው ነበር።

ጡረተኛው፦ ግማሹን አግኝተሽዋል የኔ ልጅ። ዕዳው ቀድሞ ነበረ፣ ስሙን ነው የቀየረው። ያ ወርቅ አቅራቢ 20 ሚሊዮን በካሽ ልውሰድ ቢል ባንኩ ከብሔራዊ ባንክ ኖት ያስመጣል። የባንኩ ሂሳብ በ20 ሚሊዮን ይቀንሳል፣ የወጣው ኖት በ20 ሚሊዮን ይጨምራል። ድምሩ ያው 100 ነው። ታትሞ ብሔራዊ ባንክ ካዝና ውስጥ የተቀመጠ ኖት ግን ገና ዕዳ አይደለም፣ ወረቀት ነው። በቅያሪውም አሮጌው ኖት ሲመለስ የእሱ ዕዳ ይሰረዛል፣ አዲሱ ይተካል።

ሳሪስ27፦ ዕዳ ዕዳ ትላላችሁ። ይዤው ብሄድ ምን ሊሰጡኝ ነው? የድሮው ብር ላይ «ላምጪው እንዲከፈል ሕግ ያስገድዳል» ይል ነበር። ምን ይከፈለኝ?

ሕይወት፦ ሌላ ብር 😂

ሳሪስ27፦ እኔም እንደዚህ ያለ ዕዳ ቢኖረኝ ኖሮ!

የአሶሳ ልጅ፦ እናንተ አዲስ አበባ ቁጭ ብላችሁ ትቀልዳላችሁ። የአጎቴ ልጅ ጉድጓድ ውስጥ ነው የሚውለው። መንግሥት ጥሩ ዋጋ ካልሰጠ ደላላው ወርቁን ድንበር ያሻግራል። ጭማሪ ሲኖር ነው ወርቁ ወደ ባንክ የሚሄደው።

ጡረተኛው፦ ጎሽ፣ ሳሪስ መያዝ የነበረበት ይሄን ነው። በዓለም ገበያ 100 የሚያወጣውን ወርቅ ብሔራዊ ባንክ 110 ከፍሎ ከገዛው፣ ሀብት ጎን 100 ነው የሚገባው፣ ዕዳ ጎን 110። አሥሯ ከብሔራዊ ባንክ ካፒታል ላይ ትቀነሳለች። ወርቁ ውጭ ተሽጦ ዶላር ሲሆን ሀብቱ መልኩን ይቀይራል እንጂ ዕዳው አይነካም። ዶላሩን ለባንኮች በጨረታ ከሸጠው ብራቸው ከሂሳባቸው ይቆረጣል፣ ያኔ መጠባበቂያው ይቀንሳል። ግን 100 ብቻ ነው የሚመለሰው። አሥሯ ገበያ ውስጥ ትቀራለች።

ሳሪስ27፦ ይኸው! «ትቀራለች» አሉ። አተመ ስል ምን አልኩ?

ሕይወት፦ አሥሩን ይዘህ ስለ መቶው ነው የምትጮኸው።

ሳሪስ27፦ ጨረታ ካላወጣስ? መቶ አሥሩም ቀረ!

ጡረተኛው፦ እሱ እውነት ነው። ዶላሩን ይዞ ከተቀመጠ ብሩ ይቆያል። ቢሆንም ለመንግሥት ከሚሰጠው ቀጥታ ብድር ጋር አታነጻጽረው። እዚያ ሀብት ጎን የሚጻፈው «መንግሥት ይከፍለኛል» ነው። ያን ጨረታ ላይ አውጥቶ ብር መሰብሰብ አይቻልም።

ሳሪስ27፦ ሽንኩርት የምትሸጠዋ እናት ግን ብሩ በወርቅ የመጣ በብድር የመጣ መሆኑን በምን ትለያለች?

የአሶሳ ልጅ፦ የአጎቴ ልጅስ ወርቁን በነጻ ይስጥ?

ሳሪስ27፦ እኔ እሱን መቼ አልኩ!

ሜሪላንድ፦ ይቅርታ፣ ያ የዶላር ጨረታ ላይ ግለሰብ መግባት ይችላል?