የዶክተሯ ፕሮፋይል ላይ ምን ይቅደም?

የካርድ ክፍሏ (ጠያቂ)፦
ስታዲየም አካባቢ ያለ አንድ ስፔሻሊቲ ክሊኒክ ካርድ ክፍል ነው የምሠራው። የዶክተራችንን ፕሮፋይል አዘጋጂ ተባልኩ። መግቢያው ላይ ይለጠፋል፣ ቴሌግራም ላይም ይወጣል። ከሲቪያቸው እንዲህ ገልብጬዋለሁ፦

«የሕክምና ዶክትሬት፣ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ፣ 2002። የውስጥ ደዌ ስፔሻሊቲ፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ 2008። የኢንዶስኮፒ ስልጠና፣ ሕንድ፣ 2018። የጨጓራ፣ አንጀትና ጉበት ሰብ ስፔሻሊቲ፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ 2012።»

ከዚህ በታች 9 የአጭር ጊዜ ሰርተፍኬቶች አሉ። ከዚያ ደግሞ በፊደል ተራ የተደረደሩ 22 የበሽታ ስሞች። አለቃዬ አንብቦ «ይሄ ሰውን አያረጋጋም፣ ያደክማል» አለኝ። ምን ላስቀድም? ምንስ ላውጣ?

የአራት ኪሎ ልጅ፦
እኔ እንደማስበው ምንም አታውጪ። ሐበሻ ወረቀት ይወዳል። ሰርተፍኬቱን ሁሉ ደርድሪው፣ ከላይ ግን በትልቁ «ከ15 ዓመት በላይ ልምድ ያላቸው» ብለሽ ጻፊ። ሰው መጀመሪያ የሚያየው ልምድ ነው። የተማሩበትን ማን ያነባል?

ሲስተር ከልደታ፦
ልምድ ይታያል ባልከው እስማማለሁ። ግን 15 ዓመቱ ከየት ተነስቶ ነው የተቆጠረው? ከ2002 ከሆነ የመጀመሪያው ስድስት ዓመት ጠቅላላ ሐኪም ሆነው የሠሩበትና ስፔሻሊቲ የተማሩበት ነው። በጨጓራና በጉበት ብቻ ሰብ ስፔሻሊስት ሆነው የሠሩት ከ2012 ወዲህ ነው። አንድ ታማሚ ቁጭ ብሎ ደምሮ ካገኘው የቀረውንም ማመን ያቆማል። «ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ በጨጓራ፣ አንጀትና ጉበት ሕክምና ላይ» ብትዪ እውነት ነው፣ በየዓመቱም ማረም የለብሽም።

አሁን ወደ ቅደም ተከተሉ። ሲቪ የሚጻፈው ለቀጣሪ ነው፣ ስለዚህ ከድሮው ጀምሮ ወይም በተቃራኒው በዓመት ይሄዳል። በርሽ ላይ የቆመው ሰው ግን ሆዱን ይዞ ነው የቆመው። የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ «የኔን ሕመም ያያሉ ወይ?» ስለዚህ የመጀመሪያው መስመር ስምና ሰብ ስፔሻሊቲ ይሁን። ሁለተኛው መስመር በሰው ቋንቋ ምን እንደሚያዩ። ትምህርቱ ሦስተኛ ይመጣል፣ እሱም ለበሽተኛው ከሚቀርበው ይጀምራል፦ ሰብ ስፔሻሊቲው፣ ቀጥሎ የውስጥ ደዌው፣ መጨረሻ ላይ ጎንደር።

አንድ ነገር ደግሞ ዓይኔን ወጋው። የሕንዱ 2018 የፈረንጅ ነው አይደል? ሌሎቹ የኛ ናቸው። እንዳለ ከተለጠፈ አንባቢው ዘንድሮ የተማሩት ይመስለዋል፣ ከዚያም «ገና ዘንድሮ ነው እንዴ ኢንዶስኮፒ የለመዱት?» ይላል። ወይ ሁሉንም በዓ.ም. አድርጊው፣ ወይ እ.ኤ.አ. ብለሽ ለዪው።

የካርድ ክፍሏ (ጠያቂ)፦
ውይ፣ እውነትም የፈረንጅ ነው! ሰርተፍኬቱ ላይ እንዳለ ነው የገለበጥኩት። በኛ 2010 መሆኑ ነው፣ ከሰብ ስፔሻሊቲው በፊት ማለት ነው። ስልጠናው ግን የ3 ወር ነው። ዶክተሯ ሕንድ የሚለው ስም ይስባል ብለው ከላይ እንዳደርገው ይፈልጋሉ። ላድርገው?

ዶክ ጂፒ፦
አታድርጊው። የ3 ወር ስልጠና ከሁለት ዓመት ሰብ ስፔሻሊቲ በላይ ሲቀመጥ የሚያውቅ ሰው ዋናው ትምህርታቸው እሱ ይመስለዋል። «የ3 ወር የኢንዶስኮፒ ስልጠና፣ ሕንድ» ብለሽ ርዝመቱን ጨምረሽ ከታች አስቀምጪው። ርዝመቱ ሲጻፍ ማንም አይጠረጥርም። ከ9ኙ ሰርተፍኬት ደግሞ ከሆድና ከጉበት ጋር የሚገናኙትን ብቻ አቆዪ። የሁለት ቀን የኢንፌክሽን መከላከል ስልጠና ለሰራተኛ ፋይል እንጂ ለታማሚ አይደለም።

ከመለጠፍሽ በፊት የሙያ ፈቃዳቸውን አውጥተሽ ከጎኑ አድርጊና አስተያይው። ፈቃዱ ላይ ያለው የሙያ ስያሜና በሩ ላይ ያለው አንድ መሆን አለበት። ተምረው ጨርሰው ፈቃዱ ገና በድሮው ስያሜ ከሆነ መጀመሪያ ያሳድሱት። ተቆጣጣሪ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው። «ታዋቂዋ»፣ «ተወዳዳሪ የሌላት» የሚባለውንም ተዪው። የማስታወቂያ አዋጁ 759/2004 አሳሳች ማስታወቂያ ይከለክላል፣ «ከሁሉ የምትበልጥ» ብለሽ ደግሞ በምን ታስረጃለሽ?

የጨጓራ ጓደኛ፦
ይቅርታ በመሃል ገብቼ። እኔ ጨጓራ ካለብኝ ቆይቷል፣ ኦሜፕራዞል እየገዛሁ እውጣለሁ። ስተወው ቃሩ ይመለሳል። ዶክተሯ የት ናቸው? ኢንዶስኮፒስ ስንት ነው?

የካርድ ክፍሏ (ጠያቂ)፦
ወንድሜ፣ እዚህ ማስታወቂያ እንዳይመስልብኝ የክሊኒኩን ስም አልጠራም። ግን አንድ ነገር ልጠይቅህ። አንድ በር ላይ ብትቆም የትኛውን ቃል ስታይ ነው «እዚህ ነው የምገባው» የምትለው?

የጨጓራ ጓደኛ፦
«ጨጓራ» የሚለውን ነዋ! «የውስጥ ደዌ» ሲባል እኔ እስካሁን ሁሉንም ነገር የሚያይ ሐኪም ይመስለኝ ነበር። አንድ ጊዜ ደግሞ አንድ ክሊኒክ ገብቼ ዝርዝሩ መጀመሪያ ላይ «የአንጀት ካንሰር» ይላል። ጉልበቴ ከዳኝ። ወረፋዬን ትቼ ወጣሁ፣ በእውነት።

ሲስተር ከልደታ፦
ይሄ ወንድማችን መልሱን ሰጠሽ። 22ቱ ስም በፊደል ተራ ሲደረደር «አስም» ቀድሞ ይመጣል፣ «ጨጓራ» ከታች ይወድቃል። ሆድ ሐኪም ጋ የመጣ ሰው ስለ አስም ምን አገባው? ተራውን በብዛት ከሚመጣው ጀምሪ። አንቺ ካርድ ክፍል ስለሆንሽ መዝገቡ እጅሽ ላይ ነው። ባለፈው ወር ሰው «ምን ሆነው ነው የመጡት?» ሲባል ምን እንደመለሰ ቁጠሪ። የኔ ግምት ቃርና ጨጓራ ይቀድማል፣ ቀጥሎ ጉበት፣ በተለይ ደም ለመለገስ ሄደው ወይም ለውጭ ጉዞ ተመርምረው ሄፓታይተስ ቢ የተገኘባቸው። ከዚያ የሆድ ድርቀት፣ የቆየ ተቅማጥ፣ ሰገራ ላይ ደም።

ካንሰር የሚለውን ደብቂ አልልም። ፈርቶ የመጣም ሰው አለ፣ እሱ ሳያገኘው ይመለሳል። ግን በርዕስ ሳይሆን ከምርመራው ጋር ይግባ፦ «ለመዋጥ መቸገር፣ ሳይታወቅ ክብደት መቀነስ ወይም ሰገራ መጥቆር ካለ ምክንያቱን ይመረምራሉ፣ የካንሰር ጥርጣሬን ጨምሮ።» እንዲህ ሲሆን ምልክት ያለበት ሰው ራሱን ያገኛል፣ ቃር ያለበት ደግሞ አይደነግጥም። ለወንድማችን ደግሞ፦ እነዚህ ምልክቶች ባይኖሩህም መድኃኒቱን በራስህ እየገዛህ ዓመት አትቁጠር፣ ታይ።

ኢንዶስኮፒን በሚመለከት፦ መሣሪያው እናንተ ጋ አለ?

የካርድ ክፍሏ (ጠያቂ)፦
የለም። ዶክተሯ የሚሠሩት ሌላ ሆስፒታል ነው፣ እኛ ቀጠሮ እናስይዛለን። ዝርዝሩ ላይ ግን «ኢንዶስኮፒ» ብዬ ጽፌያለሁ።

ሲስተር ከልደታ፦
እሱን ዛሬውኑ አስተካክዪው። ለኢንዶስኮፒ ባዶ ሆድ እንደሚመጣ ብዙ ሰው ያውቃል። ከሰበታ ወይ ከሱሉልታ ጾሞ ተነስቶ ይመጣና «እዚህ አይሠራም» ትዪዋለሽ። ፕሮፋይሉ ላይ ያለው የአንዲት ቃል ጉድለት ያን ቀን ያስከፍልሻል። ዶክተሯ የሚችሉትና ክሊኒኩ የሚሰጠው ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፣ አንድ ዝርዝር ውስጥ አይቀላቀሉ።

ዶክ ጂፒ፦
ኪንታሮትም እንደዚያው። እሳቸው ያያሉ፣ በመድኃኒት የሚሆነውን ያክማሉ፣ ኦፕሬሽን ከሆነ ግን ወደ ቀዶ ሐኪም ይልካሉ። ይሄን ጻፊው። እኔ ራሴ ሰው ልልክ ስፈልግ «ይሄን አልሠራም» ብሎ የጻፈ ሐኪም ጋ ነው እጄ የሚሄደው።

የአራት ኪሎ ልጅ፦
እሱን አልቀበልም። ነጋዴ ሱቁ በር ላይ «ስኳር የለንም» ብሎ ይለጥፋል? የማትሠራውን ጻፊ ማለት ደንበኛን ለጎረቤት ማስረከብ ነው። ይልቅ ስኳርና ግፊቱን ለምን ታወጫለሽ? የውስጥ ደዌ ስፔሻሊስት ናቸው አይደል፣ ያያሉ።

ዶክ ጂፒ፦
ያያሉ፣ ትክክል ነህ። ግን ከላይ ስኳር፣ ግፊት፣ አስም፣ ታይፎይድ ብለህ ከደረደርክ ጨጓራው መሃል ይጠፋል። መጨረሻ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃዋል።

እማማ ከፒያሳ፦
ልጆች፣ እኔ የማየው ሌላ ነው። ስንት ሰዓት እንደሚገቡና ቋንቋዬን እንደሚሰሙኝ። እህቴ ከአምቦ ስትመጣ ኦሮምኛ የሚሰማት ዶክተር ስታገኝ ገና ሳትታከም ነው የሚቀላት። የተማሩበት አገር ለሷ ምኗም አይደለም። ፎቶም አድርጉበት፣ ሴት መሆናቸውን አይታ ትግባ።

የካርድ ክፍሏ (ጠያቂ)፦
እማማ፣ ኦሮምኛ ይናገራሉ፣ እኔ ግን ጭራሽ አልጻፍኩትም! ሁላችሁም ያላችሁትን ሰብስቤ እንዲህ አደረግሁት፦

«ዶክተር (ስም)
የጨጓራ፣ አንጀትና ጉበት ሰብ ስፔሻሊስት

ቃርና የጨጓራ ሕመም፣ ሄፓታይተስ ቢና ሌሎች የጉበት በሽታዎች፣ የቆየ የሆድ ድርቀት ወይም ተቅማጥ፣ ሰገራ ላይ ደም ያያሉ። ለመዋጥ መቸገር፣ ክብደት መቀነስ ወይም ሰገራ መጥቆር ካለ ምክንያቱን ይመረምራሉ፣ የካንሰር ጥርጣሬን ጨምሮ። ስኳርና ደም ግፊት ያለባቸውን ታካሚዎችም ይከታተላሉ።

ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ በዚህ ሙያ ላይ ናቸው። ሰብ ስፔሻሊቲና የውስጥ ደዌ ስፔሻሊቲ፦ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ። የሕክምና ዶክትሬት፦ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ። የ3 ወር የኢንዶስኮፒ ስልጠና፦ ሕንድ።

በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በእንግሊዝኛ ያነጋግራሉ። ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ከ11 እስከ 2 ሰዓት ምሽት።

ኢንዶስኮፒ በቀጠሮ፣ በሌላ ሆስፒታል ይሠራል፤ ሳይደውሉ ጾመው አይምጡ። ኪንታሮት ያያሉ፤ ኦፕሬሽን ካስፈለገ ወደ ቀዶ ሐኪም ይልካሉ።»

ሲስተር ከልደታ፦
አሁን ሰው የሚያነበው ሆነ። በሩ ላይ የመጀመሪያዎቹ ሁለት መስመሮች ከሩቅ እንዲታዩ ጎልተው ይታተሙ። ሌላው ቆሞ ለሚጠብቅ ሰው በተለመደው መጠን ይበቃል። ቴሌግራሙ ላይ ደግሞ «ያደስነው» ብለሽ ቀን አስገቢ፣ የመግቢያ ሰዓታቸው ሲቀየር ሰው ከድሮው ልጥፍ እያነበበ ይመጣብሻል።

የካርድ ክፍሏ (ጠያቂ)፦
እሺ ሲስተር። ለአለቃዬ አሳየሁት፣ ወደደው፣ የኪንታሮቷን መስመር ግን ሰረዛት። እንደ አራት ኪሎው ልጅ ነው የሚያስበው። ዶክተሯ ረቡዕ ሲገቡ ራሳቸው ይወስኑ ብያለሁ። የጾሙን ነገር ግን እንዲቆይ አድርጌያለሁ፣ ስልኩን የምመልሰው እኔ ነኝ።