እህቴን ማን አቀላት?

የሙሽራዋ እህት፦ እህቴ ጠይም ናት። የሰርጓ አልበም ሲመጣ ትልቁ ፎቶ ላይ ቀይ ሆና አገኘናት። ጉንጯ ገብቷል፣ አፍንጫዋ ቀጥኗል። ስቱዲዮው «ፊቷን አልነካንም፤ ዶጅ እና በርን ብቻ ነው የሠራነው፤ ብርሃን ነው» አለን። ብርሃን ብቻ ሰውን እንዲህ ይለውጣል? የሰርግ ፎቶ ላይስ እንዲህ መሥራት ተገቢ ነው ትላላችሁ?

ሪታቸሩ፦ ስቱዲዮው አልዋሸሽም፤ ግን ግማሹን ነው የነገረሽ። እኔም ሥራዬ ፎቶ ማስተካከል ነው፤ ዶጅ ማለት የፎቶውን አንድ ቦታ ማንጣት፣ በርን ማለት ደግሞ ማጥቆር ነው። ዓይናችን ነጣ ያለውን ወደ ፊት የወጣ፣ ጠቆር ያለውን ወደ ውስጥ የገባ አድርጎ ነው የሚያነበው። የአፍንጫዋን አናት በቀጭን መስመር አንጥቶ ግራና ቀኙን ቢያጠቁር አፍንጫው ይቀጥናል፤ አጥንቱን ማንም ሳይነካው። ፎቶው የት ነው የተነሳው? ብርሃኑስ ከየት ነበር?

የሙሽራዋ እህት፦ እናታችን ሳሎን፣ ጠዋት። መስኮቱ በስተግራ ነው። መብራት አልነበረም።

ሪታቸሩ፦ እንግዲያው የአፍንጫዋ ጥላ ወደ ቀኝ መውደቅ አለበት። የቀኝ ጉንጯም ከግራው ጠቆር ይላል። አልበሙ ላይ እንደዚያ ነው?

የሙሽራዋ እህት፦ አይደለም። የአፍንጫ ጥላ የሚባል የለም። ሁለቱም ጉንጮቿ እኩል ያበራሉ። ከሥራቸው ግን በሁለቱም በኩል ጥቁር መስመር አለ።

ሪታቸሩ፦ በቃ ተያዘ። ግራ ጉንጯ ፊት ለፊት መስኮት እያየ ከሥሩ ያን ያህል ሊጠቁር አይችልም። የስቱዲዮው ልጅ የነበረውን ብርሃን አልተከተለም። ከየትም ያልመጣ ሌላ ብርሃን ሣለባት። እኔ ዶጅ እና በርን የምደግፈው የነበረውን ብርሃን ለማጉላት ከሆነ ብቻ ነው።

አንድ አንባቢ፦ ይሄ የስልክ ፊልተር ነው እኮ። እኔም ስልኬ ላይ አለ፤ በአንድ ንክ ፊት ያለሰልሳል። ለዚህ ነው ያን ሁሉ ብር የሚያስከፍሉን?

ሪታቸሩ፦ እሱ ሌላ ነው ወንድሜ። ፊልተሩ ሁሉንም በአንዴ ያደበዝዛል። ይሄኛው በእጅ ነው፤ ለአንድ ፊት አርባ ደቂቃ የሚፈጅብኝ ጊዜ አለ።

የጨለማ ክፍል ሰው፦ ልጆች፣ ይሄን ነገር ኮምፒዩተር አልፈጠረውም። እኛ ፎቶ በጨለማ ክፍል ስናጥብ፣ በቀይ መብራት ሥር ሽቦ ጫፍ ላይ ክብ ካርቶን ለጥፈን ነበር የምንሠራው። የፎቶ ወረቀት ብርሃን በበዛበት ቁጥር ይጠቁራል። ወረቀቱ 12 ሰከንድ ብርሃን የሚፈልግ ከሆነ፣ ለ3 ሰከንድ ካርቶኑን ፊቱ ላይ እናጠላለን፤ ያ ቦታ ይነጣል። እጅህ ለአፍታ ከቆመ ዙሪያው ላይ መስመር ይወጣል፤ ስለዚህ ሁልጊዜ ታወዛውዘዋለህ። ቀለም ግን ለውጠን አናውቅም። ስለዚህ ጥፋቱ የዶጅ አይደለም፤ ልጁ ሌላ ነገር ጨምሯል።

ሪታቸሩ፦ ጋሼ፣ ካርቶኑ ላይ ልክ ነዎት። ግን ያኔ ወረቀቱ ጥቁርና ነጭ ነበር፤ የሚለወጥ ቀለም አልነበረውም። ከለር ላይ ሌላ ጣጣ አለ። ፎቶሾፕ ውስጥ ከፎቶው ላይ ግራጫ ሌየር፣ ማለትም ንብርብር፣ ደርበው Soft Light በሚባለው አደባለቅ በነጭ ብሩሽ ሲያነጡ ቀለሙ አብሮ ይሳሳል። በጥቁር ሲያጠቁሩ ደግሞ ቀለሙ ይወፍራል። ጠይም ቆዳ ላይ ይሄ ቶሎ ያስታውቃል፤ የነጣው ቦታ አመድ ይመስላል፣ የጠቆረው ወደ ብርቱካንማ ይሄዳል።

የጨለማ ክፍል ሰው፦ እሺ፣ ይሄን አላሰብኩትም። እውነቱን ከተናገርን ግን እኛም ሙሽሮችን እናነጣ ነበር። እናቶቹ ራሳቸው ነበሩ የሚጠይቁን።

ጀማሪ ነኝ፦ እኔም በዚሁ ነው የምሠራው። ግንባር፣ ጉንጭ፣ አገጭ አነጣለሁ። ሁሌ ፊቱ ከአንገቱ የተቆረጠ ይመስልብኛል። ምን እያጠፋሁ ነው?

ሪታቸሩ፦ እያነጣህ ብቻ ነዋ! ያነጣኸውን ያህል ሌላ ቦታ ካላጠቆርክ ፊቱ በጠቅላላው አንድ ደረጃ ይቀላል። አንገቱ ግን እዚያው ቀርቷል። የዚህች ሙሽራ ችግርም ግማሹ ይሄ ነው። እኔ ብርሃኑን የሚቆጣጠር ሁለት Curves ሌየር እከፍታለሁ፤ አንዱን ለማንጣት ትንሽ ከፍ፣ ሌላውን ለማጥቆር ትንሽ ዝቅ። የሁለቱንም ማስክ፣ ሌየሩ የት እንደሚታይ የሚወስነውን፣ Ctrl+I ብዬ ጥቁር አደርገዋለሁ፤ ያኔ ሌየሩ ይደበቃል። ከዚያ በለስላሳ ነጭ ብሩሽ ማስኩ ላይ እቀባለሁ፤ ብሩሹ የሚያፈሰው ቀለም መጠን፣ Flow፣ ከ2 እስከ 3 በመቶ። አንድ ጊዜ ስትቀባ ምንም የተለወጠ አይመስልህም፤ አሥረኛው ላይ ነው ቅርጹ የሚመጣው። እንደዚህ በመስኮት ብርሃን የተነሳ ፎቶ ከሆነ በግራ በኩል የግንባሩን ጠርዝና የጉንጩን አናት ብቻ አነጣለሁ። በቀኝ በኩል ያለውን ጥላ ደግሞ ወደ ጆሮ በኩል ትንሽ አጠልቀዋለሁ። የአፍንጫውን ጥላ አልነካም። አመድ የመሰለ ቦታ ካለ ቀለም ብቻ የሚለውጥ ሌላ ሌየር በ Color እከፍትና አጠገቡ ካለው ደህና ቆዳ ቀለም ወስጄ በስሱ እቀባበታለሁ።

ጀማሪ ነኝ፦ ሲበዛብኝ በምን አውቃለሁ? ስሠራ ሁሌ ያምረኛል።

ሪታቸሩ፦ አጉልተህ ስለምታይ ነው። ፎቶውን አሳንሰው፤ ጣት የሚያህል ይሁን። ሌየሩን አጥፋና አብራ። መጀመሪያ ዓይንህ የገባው «ቀላች» የሚለው ከሆነ አብዝተሃል። ከዚያ እጇንና አንገቷን እይ። እጆቿ ጠይም፣ ፊቷ ቀይ ከሆነ ማንም ዘመድ ያውቅብሃል።

ሜካፕ ሠሪዋ፦ እኔን ማንም የጠየቀኝ የለም፤ ግን ልናገር። ሙሽራ ፊት ላይ ኮንቱር የምሠራው እኔ ነኝ። ጉንጭ ሥር አጠቁራለሁ፣ አፍንጫ ላይ አበራለሁ። ስቱዲዮው እሱኑ ደግሞ ሲያጠቁረው የቆሸሸ ይመስላል። ባለፈው ዓመት አንዲት ሙሽራ «ፊቴን አበላሸሽው» ብላ ቀሪ ክፍያዬን ከለከለችኝ። ያልተነካውን ፎቶ ስናይ ሜካፑ ንጹሕ ነበር። ብሩሽ ከማንሳታችሁ በፊት ከእኛ ጋር ብታወሩ ምናለበት?

ሪታቸሩ፦ ይሄ እውነት ነው። ኮንቱር ያለበት ፊት ላይ በርን አላደርግም ማለት ይቻላል።

ከሜሪላንድ፦ እኔ በጭራሽ አልስማማም። የሰርግ ፎቶ መረጃ ነው። የእናቴን ከዓይኗ ሥር ያለውን ጥላ አንጥተው ሃያ ዓመት ልጅ አድርገው ላኩልኝ። እናቴ አሁን የለችም። የቀረኝ ፎቶ ላይ ያለችው ሌላ ሴት ናት። ፎቶ አንሺ ያየውን ብቻ ይስጥ።

የጨለማ ክፍል ሰው፦ ነፍሷን ይማር። ግን ካሜራም እኮ ያየነውን አይሰጥም። በቀትር ደጅ ያነሳኸው ሰው ዓይኑ ጥቁር ጉድጓድ ይሆናል። ቆመህ ስታየው እንደዚያ አልነበረም። ያን ጥላ ማንጣት ውሸት ነው?

ከሜሪላንድ፦ ጋሼ፣ እሱን አይደለም ያልኩት። ግን ማን ይለካዋል? እዚህ ድረስ ትክክል፣ ከዚህ ወዲያ ውሸት የሚለው ማነው?

ሪታቸሩ፦ እኔም መስመሩን አላውቀውም። አንቺ ግን እህቴ፣ ስቱዲዮውን ሌየሮቹ ያሉበትን ፋይል ጠይቂ። JPEG አይደለም፣ PSD ነው። ካስቀመጡት የሌየሩን ጉልህነት፣ Opacity፣ ወደ 40 በመቶ ዝቅ ማድረግ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። ግራ ጉንጯ ሥር ያለውን ጥቁር መስመር ግን ማስኩ ላይ ጨርሰው ያጥፉት። አልበሙን እንደገና ከማሳተማቸው በፊት ደግሞ ወረቀት ላይ አንድ ናሙና ያውጡልሽ፤ ስክሪኑ በጣም ደምቆ ከሆነ ወረቀቱ ጠቁሮ ይወጣል።

የሙሽራዋ እህት፦ ደወልኩ። ፋይሉ አላቸው። ግን ሌላ ነገር ሰማሁ። እህቴ ራሷ ናት «ትንሽ ቀላ አድርግልኝ» ያለችው። ለእኛ አልነገረችንም።

ሜካፕ ሠሪዋ፦ አላልኳችሁም? እኔንም እንዲሁ ይሉኛል፤ ሁለት ደረጃ የሚነጣ ፋውንዴሽን ቀቢኝ ይላሉ።

ከሜሪላንድ፦ ታዲያ ፊቱ የእሷ ነው። እኔ ምን አገባኝ።

ሪታቸሩ፦ ቅላቱን እሷ ጠየቀች እንበል። የአፍንጫዋንም ጥላ አጥፉልኝ ብላ ነው?

የሙሽራዋ እህት፦ ጠየቅኳት። «የምን ጥላ?» አለችኝ።